25 MPG፣ 8.6 L/100km፣ 34 MPG፦ የትኛው መኪና ነው ነዳጅ የሚቆጥበው?

የጠባሴ ልጅ (ደብረ ብርሃን) ጠየቀ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው፤ ሦስት አይቻለሁ። አንደኛው ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ስክሪኑ 25 MPG ይላል። ሁለተኛው ከዱባይ የገባ ነው፤ 8.6 L/100km ያሳያል። ሦስተኛው ስለ ነዳጅ ምንም አያሳይም። አንድ የእንግሊዝ ድረ ገጽ ግን ለሞዴሉ 34 MPG ብሎ ጽፏል። በወር ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ። አብዛኛው አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ነው፣ አንዳንዴም ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ። እንዴት አድርጌ ወደ አንድ መለኪያ ላምጣቸው?

ሹፌሩ (ጫጫ)፦
ማይሉን በ1.6 አባዛው፣ ኪሎ ሜትር ይሆንልሃል። 120 ሺህ ማይል የሚል መኪና 192 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዷል ማለት ነው። ቁጥሩ አነስ ብሎ ሲታይህ ብዙ ያልተነዳ እንዳይመስልህ።

የጠባሴ ልጅ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ እሱንም አያለሁ። የጠየቅኩት ግን ስለ ነዳጁ ነበር።

ጋራዥ ያለኝ (ደብረ ብርሃን)፦
MPG እኛ «በሊትር 12 ይሄዳል» እንደምንለው ነው። በአንድ ጋሎን ስንት ማይል እንደሚሄድ ይነግርሃል፤ ሲበዛ ጥሩ ነው። L/100km ደግሞ መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስንት ሊትር እንደሚጠጣ ነው የሚናገረው፤ ሲያንስ ጥሩ ነው። አንዱ ሲጨምር ሌላው ስለሚቀንስ በማባዛት አይመጣም፤ ማካፈል አለብህ።

```
የአሜሪካ፦   235.2 ÷ MPG = L/100km
የእንግሊዝ፦  282.5 ÷ MPG = L/100km
```

ቁጥሩ ሁለት የሆነው ጋሎናቸው ስለሚለያይ ነው። የአሜሪካው 3.785 ሊትር ነው፣ የእንግሊዙ 4.546። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው መኪና 235.2 ለ25 ሲካፈል 9.4 ይሆናል። ሦስተኛውን ያየኸው እንግሊዝ ድረ ገጽ ላይ ስለሆነ 282.5ን ለ34 አካፍል፣ 8.3 ይመጣል። በአሜሪካው ቁጥር ብታሰላው 6.9 ይልህና ከሁሉም በጣም የሚሻል ይመስልህ ነበር።

እንግዲህ 9.4፣ 8.6 እና 8.3 ናቸው። በአንተ 1,500 ኪሎ ሜትር ሲሰላ 141፣ 129 እና 124 ተኩል ሊትር በወር ማለት ነው። በዕለቱ የነዳጅ ዋጋ አባዛው።

ግን አንድ ነገር አለ። ሁለቱ ቁጥሮች መኪኖቹ እዚህ ሲነዱ ስክሪኑ የያዘው ነው። ሦስተኛው ድረ ገጽ ላይ ስለ ሞዴሉ የተጻፈ ነው እንጂ አንተ ካየኸው መኪና አልተለካም። ስለዚህ በ8.6 እና በ8.3 መካከል ያለውን ልዩነት ከምንም አትቁጠረው።

የመሐል ሜዳው፦
እኔ ቀለል አድርጌ ነው የማሰላው። የአሜሪካውን MPG በ0.425 አባዛው፣ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ይሰጥሃል። 25 ከሆነ በሊትር 10.6 ይሄዳል። እኛ ቤት ፒክአፕና የቤት መኪና አለ። ፒክአፑን ከቀየርነው ከ15 MPG ወደ 18 ይወጣል። የቤት መኪናዋን ከቀየርን ከ30 ወደ 36 ነው። አንዱን ብቻ ነው የምንችለው። 6 ከ3 ስለሚበልጥ የቤት መኪናዋን ልንሸጥ ተስማምተናል።

ጋራዥ ያለኝ፦
የ0.425ቱ ስሌት ልክ ነው። ውሳኔው ላይ ግን ቆም በሉ። ወደ ሊትር አምጣና እየው። ፒክአፑ ከ15.7 ወደ 13.1 ይወርዳል፤ በየመቶ ኪሎ ሜትሩ 2.6 ሊትር ተረፈ። የቤት መኪናዋ ከ7.8 ወደ 6.5 ነው፤ የተረፈው 1.3 ብቻ። ሁለቱ እኩል የሚነዱ ከሆነ ፒክአፑን መቀየር እጥፍ ያተርፋችኋል። MPG ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አንዷ ቁጥር ብዙ ነዳጅ ናት፤ ከፍ ካለ በኋላ ግን ያው አንድ ቁጥር የሚቆጥበው ጥቂት ነው። አሜሪካኖቹም ከ2013 ሞዴል ጀምሮ አዲስ መኪና መስኮት ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ በመቶ ማይል ስንት ጋሎን እንደሚፈጅ ጨምረው ይጽፋሉ።

የመሐል ሜዳው፦
ፒክአፑ የሚነዳው ግን ከቤት መኪናዋ ግማሽ ያህል ነው።

ጋራዥ ያለኝ፦
እንደዚያ ከሆነ ቁጠባው እኩል ይሆናል። በሌላ ነገር ወስኑ።

እናት ሹፌር (ደብረ ሲና)፦
የጠባሴ ልጅ፣ ያ 25 MPG የት እየተነዳ የመጣ ነው? ብለህ ጠይቅ። የእኔም መኪና የአሜሪካ ናት። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ 40 ታሳያለች። ያንኑ መንገድ ስወጣ 15 ነው። ሰው ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ያካፍልና 27.5 ነው ይላል። አይደለም። ስወርድ በመቶ ኪሎ ሜትር 5.9 ሊትር፣ ስወጣ 15.7 ሊትር ነው የምትጠጣው። አማካዩ 10.8 ነው፤ ወደ MPG ሲመለስ 22 እንኳ አይሞላም። አማካይ ማውጣት ከፈለግህ መጀመሪያ ወደ ሊትር ለውጥ፣ ከዚያ ደምር።

ሻጩ ቁልቁል ወርዶ ስክሪኑን ቢያሳይህ ደግሞ ምን ታውቃለህ? ራስህ ዜሮ አድርገህ ጀምር፤ ወደ ተነሣህበት ቦታ ተመለስና ያኔ አንብብ።

ሹፌሩ (ጫጫ)፦
ደጋው ራሱ ነዳጅ ይበላል። ደብረ ብርሃን አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ ይጨነቃል።

ጋራዥ ያለኝ፦
ጉልበት እንደሚቀንስ እስማማለሁ። ነዳጅ ይጨምራል በሚለው ግን አልስማማም፤ ዳገቱና አነዳዱ ነው የሚበላው።

ሹፌሩ (ጫጫ)፦
ስንት ዓመት የነዳሁበት መንገድ ነው፣ እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።

የጠባሴ ልጅ፦
ጋሼ፣ ስክሪኑን ትቼ ራሴ ልለካ ብልስ? የመጀመሪያው የሄደበትን የሚቆጥረው በማይል ነው።

ጋራዥ ያለኝ፦
ማደያው ላይ እስኪቆርጥ ሙላ፣ የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ አድርግ። አዲስ አበባ ደርሰህ ተመለስና እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን ላይ እንደገና እስኪቆርጥ ሙላ። ሁለተኛ የገባው ሊትር ነው መኪናው የጠጣው። ለምሳሌ ቆጣሪው 162 ማይል ካለ በ1.609 ስታባዛው 260.7 ኪሎ ሜትር ነው። የገባው 26 ሊትር ከሆነ፣ ለ260.7 አካፍለህ በ100 ስታባዛው 10 ይመጣል። ስክሪኑ 9.4 ሲል አንተ 10 ብታገኝ አትደንግጥ፤ ብዙ ጊዜ ስክሪን ትንሽ አሳምሮ ነው የሚያሳየው። 16 ከመጣብህ ግን ማይሉን ወደ ኪሎ ሜትር ሳትለውጥ አካፍለሃል።

የጠባሴ ልጅ፦
የመጀመሪያው ባለቤት እሺ ብሏል። የሦስተኛው ግን ከጫጫ አልፈህ አትሄድም አለኝ። ጫጫ ደርሶ መልስ ይበቃል?

ጋራዥ ያለኝ፦
አይበቃም። ደርሶ መልሱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው የሚጠጣው ሦስት ሊትር ተኩል ቢሆን ነው። ሲሞላ ግማሽ ሊትር ከተሳሳተ በመቶ ኪሎ ሜትር ከ1 ሊትር በላይ ስህተት ይሆንብሃል። በሦስቱ መኪኖች መካከል ያለው ልዩነት እንኳ ያን ያህል ነው።

እናት ሹፌር (ደብረ ሲና)፦
ባለቤቱ አብሮህ ይሂድ በለው። ነዳጁን አንተ ሙላ፣ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ጉዳይ አያጣም።