ጨቅላ ኢንዱስትሪ፦ ቀረጡ የሚከፍለው ለምንድን ነው?

ዮናስ፦ ትናንት ስታዲየም አካባቢ ቡና ይዘን ከጓደኛዬ ጋር ተከራከርን። እሱ «ከውጭ በሚገባ ጫማ ላይ ቀረጥ ይጨመር፤ የኛዎቹ ገና ጨቅላ ናቸው፣ እስኪጠነክሩ ይጠበቁ» ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም፣ ግን መልስ አጣሁ። እውነት ቀረጥ ኢንዱስትሪን ያሳድጋል?

ብሩክ፦ ያሳድጋል እንጂ! ዛሬ ነጻ ንግድ የሚሰብኩን አገሮች ራሳቸው ያደጉት በቀረጥ ነው። የአሜሪካ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሃሚልተን በ1791 ለምክር ቤቱ ያቀረበው ሪፖርት ይኼንኑ ይላል። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሊስትም በ1841 ደግሞታል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ኮሪያ በሯን ለውጭ መኪና ዘግታ ነው ሃዩንዳይን ያሳደገችው። ዳዴ የሚል ልጅ ከሯጭ ጋር አይወዳደርም።

ሳሚ፦ ኧረ ቀረጥ አታንሱብኝ። ያገለገለ መኪና ላስገባ ብዬ ስጠይቅ ግብሩ ከመኪናው ዋጋ በለጠ። ተውኩት። ይኼ ማንን ነው የሚያሳድገው?

ማርታ፦ ሳሚ፣ ያንተ ብሶት ይገባኛል፣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አሮጌ መኪና ላይ የሚጫነው ግብር በአብዛኛው ገቢ ለመሰብሰብና አሮጌ መኪና እንዳይበዛ ነው። ዮናስ የጠየቀው እዚህ የሚሠራ ሰው እስኪለምድ ድረስ ከውድድር መከለል ያዋጣል ወይ ነው።

ብሩክ፣ ያንተ ግማሹ ልክ ነው። ሃሚልተን ድጋፍ ይሰጥ ማለቱ እውነት ነው። ግን በዚያው ሪፖርት ላይ ከቀረጥ ይልቅ ለአምራቹ በቀጥታ የሚሰጥ ገንዘብ በብዙ መልኩ ይሻላል ብሏል። ቀረጥ ዋጋ ያስወድዳል፣ ድጎማ ግን አያስወድድም፤ ምክንያቱ ይኼ ነው። ኮሪያም በሯን ዘግታ ብቻ አልተቀመጠችም። ርካሽ ብድር የሚያገኘው ወደ ውጭ የላከ ነበር። ፕሬዚዳንት ፓርክ ራሳቸው በየወሩ ስብሰባ ተቀምጠው የኤክስፖርቱን ቁጥር ይከታተሉ ነበር። የሃዩንዳይ ፖኒ ማምረት በተጀመረ በዓመቱ፣ በ1976፣ ወደ ኢኳዶር ተላከች። ልጁን ቤት አስቀምጠው አላሳደጉትም፣ ቶሎ ሜዳ አወጡት።

ብሩክ፦ እሺ፣ ግን መጀመሪያ ከለላው ባይኖር ፖኒ የምትባል መኪና አትኖርም ነበር። አሜሪካም እንደዚያው።

ማርታ፦ አሜሪካን ካነሳህ በደንብ የተለካ አንድ ጉዳይ ላምጣ። ድልህና ሰርዲን የሚታሸግበትን ጣሳ አስቡ። እሱ የሚሠራበትን ስስ ብረት አሜሪካ እስከ 1890 ድረስ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከብሪታንያ ነበር የምታስገባው፤ በተለይ ከዌልስ። በ1890 የማኪንሌይ የቀረጥ ሕግ ወጣ። ቀረጡ በፓውንድ ከ1 ሳንቲም ወደ 2.2 ሳንቲም ዘለለ። ፋብሪካዎች ፈሉ። አሥር ዓመት ሳይሞላ የአገር ውስጡ ምርት ከሚገባው በለጠ።

ብሩክ፦ ታዲያ! ራስሽ ጨረስሽው እኮ።

ማርታ፦ ቆይ፣ አላለቀም። ዳግላስ ኧርዊን የሚባል የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪ በ2000 ባወጣው ጥናት ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፦ ቀረጡ ባይመጣስ ምን ይሆን ነበር? መጀመሪያ ፋብሪካው ለምን እንዳልነበረ አየ። ዋናው ችግር አሜሪካኖቹ ሙያውን አለማወቃቸው አልነበረም። ጥሬ ዕቃው፣ ብረቱ ራሱ፣ ውድ ነበር። የብረት አምራቹ በቀረጥ ተከልሎ ነበራ! ጣሳ ብረት የሚሠራው ሰው ብረቱን በውድ ይገዛል፣ የሠራውን ግን ከርካሹ የዌልስ ዕቃ ጋር ይሸጣል። እንዴት ይቁም? አንዱን ልጅ ለመጠበቅ የተዘጋው በር ሌላውን ልጅ ውጭ አስቀረው።

ከዚያ የአሜሪካ ብረት ዋጋ በራሱ ጊዜ እየወረደ ወደ እንግሊዙ ተጠጋ። ኧርዊን እንዳሰላው፣ ያለ ቀረጡም ፋብሪካው ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ይመጣ ነበር። ቀረጡ የገዛው አሥር ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጣሳ የሚጠቀም ሁሉ አስበልጦ ከፈለ። ሁለቱን በሚዛን ሲያስቀምጣቸው ወጪው ከጥቅሙ በለጠ። «ፋብሪካው አደገ» ማለት ብቻ አይበቃም የምለው ለዚህ ነው። ያደገበት ዋጋ በኋላ ተመልሷል ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ጋሽ ከበደ፦ ልጆች፣ እኔ ኢኮኖሚክስ አልተማርኩም። መርካቶ ሸራ ተራ ጫማ ስሠራ ግን ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ማርታ ያልሽው የብረት ነገር የኔው ታሪክ ነው። ሶሉ ከውጭ ነው፣ ማስቲሹ ከውጭ ነው፣ ገበሩም አብዛኛው ከውጭ ነው። ጫማው ላይ ቀረጥ ጨመሩልኝ ብዬ ስደሰት፣ ሶሉ ላይም ከተጨመረ ምኑን ተጠቀምኩ?

ግን እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። የላዩን ቆዳ የሚሰፋ ልጅ አስተምራለሁ። ስፌት ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። የአፍንጫው ዙሪያ ላይ መርፌው አንድ ጊዜ ከሳተ ቀዳዳው አይደበቅም፣ ቆዳው ይጣላል። እጁ እስኪስተካከል ስድስት ወር ይፈጃል። ደመወዙንና የሚያበላሸውን ቆዳ ስደምረው 40 ሺህ ብር ይደርሳል። ልክ ሲለምድ ጎረቤቴ 1,500 ብር ጨምሮ ይወስደዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሦስት ልጅ ሄደብኝ። አሁን ማስተማር ሰለቸኝ። መንግሥት ከለላ ይስጠን የምለው ለዚህ ነው።

ብሩክ፦ ይኸው! ጋሽ ከበደ ያሉት ትክክለኛው የጨቅላ ኢንዱስትሪ ክርክር ነው። ሙያው ለሁሉም ይደርሳል፣ ወጪው ግን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ገበያው ብቻውን ይኼን አይፈታውም።

ማርታ፦ እስማማለሁ። ችግሩ እውነተኛ ነው። አሁን ግን ቀረጡ ይፈታዋል ወይ እንይ። ጋሽ ከበደ፣ በእርስዎ ቁጥር ልሥራው። ሌላውን ግብር እንተወውና፣ የውጩ ጫማ 2,000 ብር ይገባል እንበል። 35 በመቶ ቀረጥ ሲጨመር 2,700 ይሆናል። እርስዎ በ2,600 ይሸጣሉ። ስለዚህ ቀረጡ በእያንዳንዱ ጫማ 600 ብር ሰጠዎት።

ጎረቤትዎስ? እሱም በእያንዳንዱ ጫማ ያንኑ 600 ብር ያገኛል። እሱ ግን 40 ሺውን አላወጣም። ከቀረጡ በፊት ያላስተማረ ሰው በ40 ሺህ ይቀድምዎት ነበር። ከቀረጡ በኋላም በ40 ሺህ ይቀድምዎታል። እንዲያውም ትርፉ ሲጨምር ልጅዎን ለመውሰድ 1,500 ሳይሆን 3,000 መጨመር ይችላል። ቀረጡ የከፈለው ጫማ ለመሥራት ነው፣ ልጅ ለማስተማር አይደለም። የኢኮኖሚ ምሁሩ ሮበርት ባልድዊን በ1969 የጻፈው ትልቁ ተቃውሞ ይኼ ነው። ችግሩ ሥልጠና ከሆነ ሥልጠናውን ክፈሉ፤ ችግሩ ባንክ የማያበድር መሆኑ ከሆነ ብድሩን አስተካክሉ።

ጋሽ ከበደ፦ እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም። ልክ ነሽ፣ እሱም እኩል ያገኛል።

ሄለን፦ ስለ ገዢውም አንድ ሰው ይናገር። ሦስት ልጆች አሉኝ። መስከረም ሲጠባ ሦስት ጫማ እገዛለሁ። በማርታ ቁጥር 1,800 ብር ተጨማሪ ማለት ነው። ዘንድሮ የትንሹን ተረከዙ የተቀደደውን አሰፍቼ አሳለፍኩት። የጋሽ ከበደን ልጅ የማስተምረው እኔ ከሆንኩ ቢያንስ ይነገረኝ።

ማርታ፦ ሄለን ያለችው የድጎማ ጥቅም ነው። ድጎማ በጀት ላይ ይታያል፣ በየዓመቱ ምክር ቤት ያየዋል። ቀረጥ ግን ዋጋ ውስጥ ይደበቃል። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆን ስቱዋርት ሚል በ1848 ጊዜያዊ ከለላን ደግፎ ነበር፤ በኋላ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን ከቀረጥ ይልቅ ግልጽ ድጎማ ይሻላል ወደ ማለት መጣ። አንዴ የተሰጠ ቀረጥ እንደማይነሳ አይቶ ነው።

ብሩክ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ድጎማ ገንዘብ ይፈልጋል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ቀረጥ ግን ለመንግሥት ገቢ ያስገባል። ሀብታም አገር ድጎማ ይምረጥ፣ እኛ ካዝናችን ባዶ ነው። ደግሞም ሁሉም ማስረጃ ባንቺ በኩል አይደለም። ናፖሊዮን የእንግሊዝን ዕቃ በከለከለ ጊዜ የሰሜን ፈረንሳይ ጥጥ ፈታዮች ከደቡቡ ይበልጥ ተከለሉ። በማሽን መፍተል ያደገውም ሰሜኑ ላይ ነው፤ እገዳው ካለፈ በኋላም ቆየ። ሬካ ዩሃስ በ2018 ያወጣችውን ጥናት ታውቂዋለሽ።

ማርታ፦ አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ጥናት ነው። ከለላ ኢንዱስትሪን ሊተክል እንደሚችል ያሳያል። የተተከለው ያስከፈለውን ዋጋ መልሷል ወይ የሚለውን ግን ለብቻው መለካት ያስፈልጋል። የገንዘቡ ነገር እውነት ነው፣ እሱን ልክድህ አልችልም። ግን ከለላው በሠራ ቁጥር የሚገባው ዕቃ ይቀንሳል፣ የቀረጡም ገቢ አብሮ ይወርዳል። በሁለቱም በኩል ልትቆጥረው አትችልም።

ዮናስ፦ የጊዜ ገደብ ቢቀመጥለትስ? «አምስት ዓመት፣ ከዚያ ይነሳል» ቢባል?

ማርታ፦ የማኪንሌይ ሕግ ላይ ገደብ ነበረ። የአገር ውስጡ ምርት እስከ 1897 ባለው ጊዜ በአንዱ ዓመት ከሚገባው አንድ ሦስተኛ ካልደረሰ የጣሳ ብረት ቀረጥ ይነሳል ይላል። አምራቾቹ ደረሱበት። ግን መመዘኛውን ልብ በሉ። የተጠየቁት ብዙ እንዲያመርቱ ነው፣ ያለ ከለላ በዌልስ ዋጋ እንዲሸጡ አይደለም። ፈተናው ታለፈ፣ ቀረጡም ቀጠለ። በ1898 መጨረሻ አብዛኞቹ ፋብሪካዎች በአንድ ኩባንያ ተጠቀለሉ። ከለላው እንዳለ የውስጡም ውድድር ጠፋ። ገደብ ከተቀመጠ ዓመት ብቻ ሳይሆን ዋጋ ይጻፍበት።

ብሩክ፦ ዋጋ ከሆነ እኔም እስማማለሁ። ቀረጡ በየዓመቱ 5 በመቶ ይውረድ፣ የቻለ ይቁም። ያለ ምንም ከለላ ግን አልጀምርም።

ጋሽ ከበደ፦ አንድ ነገር ልጨምር። በ1990ዎቹ፣ በኛ አቆጣጠር፣ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲሞላው ብዙ ጓደኞቼ ዘጉ። የቀረነው ሶል ቀየርን፣ ዲዛይን ተማርን፣ ገበያውንም ቀስ በቀስ መለስነው። የዘጉት ግን አልተመለሱም። የትኛውን ላስቀድም እስካሁን አላውቅም። ማርታ ልጄ፣ ለአሠልጣኝ ይከፈል ያልሽው በምን ይረጋገጣል? ልጁ መልመዱን ማን ይመሰክራል?

ማርታ፦ ገለልተኛ ሰው አንድ ጫማ ፊቱ ላይ ያሰፋዋል። ያለፈ ልጅ ቁጥር ይያዝና ክፍያው ለርስዎ ይመጣል፤ ልጁ ጎረቤት ቢሄድም ገንዘብዎ አይጠፋም። ፈታኙ ጉቦ ቢበላስ ካሉኝ ግን የተዘጋጀ መልስ የለኝም።

ጋሽ ከበደ፦ እሱንማ ለእኛ ተይው። ሸራ ተራ ላይ ስፌት አይቶ የማያውቅ የለም። ሦስት አንጋፋ ሰፊዎች በዕጣ ይውጡ፣ ጫማውን ያለ ስም ይዩት።