ድሬዎች፣ ለሽንት ማቃጠል የት ልውሰዳት? ፋርማሲ፣ ክሊኒክ ወይስ ሆስፒታል?

የከዚራ ልጅ
ጥቆማ ፈልጌ ነው። እህቴ ስትሸና ያቃጥላታል፣ ከእምብርቷ በታች ይቆርጣታል። በየደቂቃው ትሮጣለች፣ የሚወጣው ግን ጠብታ ነው። ጀምሯት ሦስተኛ ቀኗ ነው። ፋርማሲ ገብቼ መድኃኒት ልግዛላት ወይስ ላስመርምራት? የሽንት ምርመራ አጥርቶ የሚሠራ ቦታ የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ገንደ ቆሬ
አቦ አትጨነቅ፣ ሙቀቱ ነው! ውሃ አንሷት ይሆናል፣ ወይ ትኩስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ገብስ ቀቅለህ ውሃውን አቀዝቅዘህ ስጣት። እኔ ጋ ደግሞ አምና የተረፈ ሲፕሮ አለ፣ ና ውሰድ።

ሲስተር (ጡረተኛ)
ገንደ ቆሬ፣ ውሃው ይሁንልህ፣ መጠጣቷ ጥሩ ነው። ድንጋዩን ግን ተወው፤ ይህን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ከራሷ አንጀት ወጥቶ ወደ ፊኛ የሚገባ ባክቴሪያ ነው። ሲፕሮውም እዚያው ይቀመጥ። የእሷን ጀርም ይግደል አይግደል አናውቅም፣ ቁጥሩም ለሙሉ ሕክምና አይበቃም።

ስለ ቦታው፦ ለተራው የሽንት ምርመራ ጤና ጣቢያም ክሊኒክም ያው ነው። የመመርመሪያ ወረቀት ሽንት ውስጥ ይነክራሉ፣ በማይክሮስኮፕ ያያሉ፣ እዚያው ጠብቃ ውጤት ይሰጧታል። ልዩነት የሚመጣው ከልቸር ላይ ነው፤ ጀርሙን አሳድገው የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያዩበት ምርመራ ነው። ሁሉም ጋ የለም፣ ውጤቱም ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ቶሎ ቶሎ የሚመላለስባት ከሆነ፣ መድኃኒት ወስዳ ካልተሻላት ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ከልቸር ያለበትን ፈልግ። ሽንቷን መስጠት ያለባት የመጀመሪያውን ክኒን ሳትውጥ ነው።

ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ ከቤት ይዛ እንዳትሄድ። ስንቱ ነው ጠዋት ሸንቶ፣ በባጃጅ ፀሐይ ላይ አንገላቶ፣ ረፋድ ላይ ላብራቶሪ የሚያደርሰው! በድሬ ሙቀት ጀርሙ ጠርሙሱ ውስጥ ይራባል፣ ሌላ ውጤት ይወጣል። እዚያው ንጹሕ ዕቃ ይስጧት፤ የመጀመሪያውን ሽንት ሽንት ቤት ታፍስስ፣ መሃሉን ትቀበል።

ሸዋ በር፣ ሐረር
እኔ ለዚሁ ናይትሮፉራንቶይን ታዝዞልኝ ማቃጠሉ ቀለል አለልኝ። ከዚያ ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፣ አንቀጠቀጠኝ። አንድ ቦታ ሄጄ ወባና ታይፎይድ ብቻ መርምረው «ነፃ ነሽ» ብለው መለሱኝ። ለካ ኩላሊቴ ላይ ደርሷል። መድኃኒቱ ግን ጥሩ ነው፣ እኔ አላማርረውም።

ሲስተር (ጡረተኛ)
ሸዋ በር፣ መድኃኒቱ ለፊኛ ጥሩ ነው። ሽንት ውስጥ ይጠራቀማል፣ የኩላሊቱ ሥጋ ውስጥ ግን በበቂ መጠን አይገባም። ስለዚህ ኢንፌክሽኑ ወደ ላይ ከወጣ ታች ማቃጠሉ እየቀለለ ላይኛው ሊብስ ይችላል። እኛ ሀገር ደግሞ ትኩሳት ሲመጣ ሁሉም ወባ፣ ደንጊ፣ ቺኩንጉንያ ይላል። እነሱም አሉ፣ ይመርመሩ፤ ሽንት ሲያቃጥላት የሰነበተች ሴት ግን ሽንቷም መታየት አለበት።

ገንደ ቆሬ
የኩላሊት ጠጠርም ይሆናል እኮ። አጎቴን እንዲሁ ነበር ያደረገው፣ መሬት ላይ ነው የተንከባለለው።

የከዚራ ልጅ
ሲስተር፣ አሁን ጠየቅኋት። ሌሊት ተንቀጥቅጣለች፣ ለእኔ አልነገረችኝም። ቀኝ ጎኗን ከጀርባ በኩል ያማታል፣ ጠዋት የበላችውንም አስመልሷታል። ዳይክሎፌናክ ልስጣትና ነገ ክሊኒክ ልውሰዳት?

ሲስተር (ጡረተኛ)
ነገ አትበል። ሕመሙ ከጎድን አጥንቷ በታች፣ ከአከርካሪዋ ጎን ላይ ከሆነና ትኩሳትና ማስመለስ ከተጨመረበት ኩላሊት ነው ብለን ነው የምናስበው። ጠጠርም ይሁን፣ ትኩሳት ካለው እሱም የዛሬ ጉዳይ ነው። የምታስመልስ ሰው ክኒን አይረጋላትም፤ በደም ሥር መድኃኒትና ፈሳሽ ያስፈልጋታል። ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ውሰዳት። ድል ጮራም ሳቢያንም ይሁን፣ የሚቀርብህን ምረጥ። ዳይክሎፌናክ አትስጣት፣ ፈሳሽ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊት ይጎዳል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል።

አንድ ነገር ጠይቃት፦ የወር አበባዋ ቀርቷል?

የከዚራ ልጅ
«ትንሽ ዘግይቷል» አለችኝ። አላገባችም ግን።

ሲስተር (ጡረተኛ)
ያገባች ያላገባች አልጠየቅኩህም አቦ። እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ ለሐኪሙ ይህን ትንገር፣ የእርግዝና ምርመራ ይሥሩላት። የሚሰጧትን መድኃኒት ይቀይረዋል፤ ሲፕሮ ለነፍሰ ጡር አይመረጥም። አንተ ከክፍሉ ውጣላት፣ ለብቻዋ ታውራ።

የከዚራ ልጅ
እሺ፣ እየወጣን ነው። በዚህ ሰዓት ከልቸር ይቀበላሉ?

ሲስተር (ጡረተኛ)
ቢቀበሉም ባይቀበሉም ከመርፌው በፊት ሽንቷን እንዲወስዱላት ጠይቅ። «ላብራቶሪው ተዘግቷል» ካሉህ ግን መርፌውን አታስዘግይ።

ሸዋ በር፣ ሐረር
ሲስተር፣ እኔ ከዚያ በኋላ ሁለቴ ተመላልሶብኛል። ሐረር ከልቸር የሚሠራ የግል ላብራቶሪ የምታውቂው አለ?