ለማናውቀው ተሳፋሪ «ተገኝ» እንበል ወይስ «ይገኙ»?

ትዕግሥት (ጠያቂ)፦ ባሕር ዳር ወደብ አጠገብ በአንድ የጀልባ ትኬት ቢሮ እሠራለሁ። ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ለሚጓዙ ሰዎች በስልክ የምንልከው መልእክት «ትኬትህን ይዘህ ከመነሻው 30 ደቂቃ ቀደም ብለህ ወደቡ ላይ ተገኝ» የሚል ነው። ከተሳፋሪዎቻችን ብዙዎቹ ሴቶች ስለሆኑ ቅሬታ መጥቷል፤ ትኬት ስንቆርጥ ግን ፆታ አንጠይቅም። በዝርዝር «ህ/ሽ» እያልን እንጻፍ፣ ወይስ ሁሉንም «እርስዎ» እንበል?

ደሳለኝ፦ በእኔ እምነት የሚለወጥ ነገር የለም። በብዙ የፌዴራል አዋጆች የትርጓሜ ክፍል ውስጥ በወንድ ፆታ የተገለጸው ሴትንም እንደሚያካትት ተጽፎ እናገኛለን። ሕግ አውጪው ሳይቸገር የተጠቀመበት አጻጻፍ ለጀልባ ትኬት የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

የሺ፦ አቶ ደሳለኝ፣ አዋጁን ላላነበበ ሰው ግን ምን ይደረጋል? ለእኔም ለባለቤቴም ትኬቱን የቆረጥኩት በራሴ ስልክ ነበር። «ትኬትህን ይዘህ» የሚል አንድ መልእክት ሲደርሰኝ የእሱ ብቻ የተረጋገጠ መስሎኝ የራሴን ስጠብቅ ሰዓቱ አለፈ። ደግሞ ስለ ፆታ ከተነሣ አይቀር፣ ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባ ትኬት ስንገዛ ለምን አይነገረንም? እዚያ ድረስ ሄዶ ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ደስ አይልም።

ሙሉጌታ፦ ወይዘሮ የሺ ያነሡት የክብራን ጉዳይ ከጥያቄው ትንሽ ወጣ ቢልም የሚጠቅም ነገር አለበት። ፆታ በእርግጥ ለውጥ የሚያመጣበት ቦታ ላይ በግልጽ «ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም፤ እንጦንስ ኢየሱስ ግን ሁሉም ይገባል» ተብሎ መጻፍ አለበት። ለውጥ በማያመጣበት ቦታ ደግሞ ግሱ ፆታ እንዲመርጥ የሚያስገድደው ነገር የለም።

አቶ ደሳለኝ የጠቀሱት ድንጋጌ አለ፤ ነገር ግን የሚሠራው በዚያው አዋጅ ውስጥ ነው። ከዚህም በላይ አዋጅ ስለ አንድ ሰው በሩቅ ይናገራል እንጂ አንባቢውን «አንተ» ብሎ አይጠራም። በሩቅ «ሠራተኛው» ሲባል ሴቲቱ ራሷን ልታስገባ ትችል ይሆናል፤ «ተገኝ» ስትባል ግን፣ የወይዘሮ የሺ ገጠመኝ እንደሚያሳየው፣ የተጠራው ሌላ ሰው ይመስላታል።

ናትናኤል፦ የብዙኃን መልእክት የመላክ ሥራ ስለምሠራ አንድ ነገር ልጨምር። «ህ/ሽ» ሁለቱንም በእኩል ይጠራል፣ ማንንም አያገልልም፤ ስለዚህ ከሁሉ ፍትሐዊው እሱ ነው። «እርስዎ» ግን ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ዘጌ የሚሻገር የ18 ዓመት ልጅ ሲደርሰው የባንክ ማስጠንቀቂያ ይመስለዋል።

ሙሉጌታ፦ ዝርዝሩ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል፤ አማርኛው ግን ሁልጊዜ አይቀበለውም። ባለፈ ጊዜ ግስ ላይ ይሠራል፤ «መጣህ/ሽ» ሲባል «መጣሽ» ትክክል ነው። «ይዘህ/ሽ»ም እንዲሁ። ወደፊት የሚሆነውን ስትናገር ግን ለውጡ መጨረሻው ላይ ብቻ ሳይሆን ቃሉ ውስጥም ነው። «ከቀረህ ገንዘብህን ልታስመልስ ትችላለህ/ሽ» ብለህ ብትጽፍ ሴቲቱ የሚደርሳት «ትችላለሽ» የሚል፣ ማንም ሰው የማይናገረው ቃል ነው፤ ትክክለኛው «ልታስመልሺ ትችያለሽ» ነው። «ትመጣለህ» «ትመጫለሽ» ይሆናል፣ «ትሄዳለህ» «ትሄጃለሽ» ይሆናል። በትክክል እንጻፍ ካልን ሙሉውን ቃል ሁለት ጊዜ መጻፍ ግድ ነው፤ ያን ጊዜ መልእክቱ መልእክት መሆኑ ይቀርና የሰዋስው መልመጃ ይሆናል።

ናትናኤል፦ ይህን አላስተዋልኩትም ነበር። በርዝመት በኩልም ልክ ነዎት፤ በእኛ ፊደል የሚጻፍ አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው ክፍት ቦታውን ጨምሮ 70 ምልክት ብቻ ነው፤ ካለፈ ለሁለት ተከፍሎ እንደ ሁለት መልእክት ይከፈልበታል። የትዕግሥትን ዓረፍተ ነገር በዝርዝር ጽፌ ስቆጥረው 51 መጣ፤ «ትኬትዎን ይዘው ከመነሻው 30 ደቂቃ ቀደም ብለው ወደቡ ላይ ይገኙ።» ስለው 42 ሆነ። በቀረው ቦታ ላይ የጀልባው ቁጥር ይገባበታል። ስለ ወጣቶቹ ያልኩት ግን እንዳለ ነው፤ ለምን «ትኬታችሁን ይዛችሁ ተገኙ» አንልም?

ሙሉጌታ፦ ለተማሪዎች ጉዞ፣ መምህራቸው ለሁሉም የቆረጠ ከሆነ፣ ብዙ ቁጥር ያማረ ነው፤ የፈተና ትእዛዝም «ምረጥ/ጪ» ከሚል ይልቅ «ምረጡ» ሲል ንጹሕ ነው። ለአንድ ሰው ከላክኸው ግን ሌሎች አብረውት የሚሄዱ ይመስለዋል፤ የያዘው ትኬት ስንት ሰው እንደሚያስገባም ሊጠራጠር ይችላል።

ትዕግሥት፦ ጋሽ ሙሉጌታ፣ «እርስዎ»ም የራሱ ጣጣ አለበት። ባለፈው ሳምንት ለሙከራ «ወደቡ ሲደርሱ ይደውላሉ» ብለን ላክን። እኛ ተሳፋሪው ይደውልልናል ብለን ስንጠብቅ፣ ተሳፋሪዎቹ ደግሞ የእኛ ሠራተኞች እስኪደውሉላቸው ድረስ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ።

ሙሉጌታ፦ የአክብሮቱ ትልቁ ችግር ይኸው ነው። «ይደውላሉ» እርስዎም፣ እሳቸውም፣ እነሱም ሊሆን ይችላል። ፆታን ለመደበቅ ስንል ባለቤቱንም አብረን እንደብቀዋለን። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የምታዙት አንባቢውን ከሆነ በትእዛዝ ጻፉት፤ «ወደቡ ሲደርሱ ይደውሉልን»። የምትደውሉት እናንተ ከሆናችሁ «እንደውልልዎታለን» በሉ። መልእክቱን ከመላካችሁ በፊት በእያንዳንዱ ግስ ላይ «ማን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁለት መልስ ካለው አስተካክሉት። «ትኬቶን» ተብሎ እንዳይጻፍም ተጠንቀቁ፤ ሲነገር እንደዚያ ቢሰማም አጻጻፉ «ትኬትዎን» ነው።

ናትናኤል፦ በዚህ እስማማለሁ፤ የ18 ዓመቱ ልጅ ግን አሁንም ይስቃል።

ሙሉጌታ፦ ይሳቅ። እናቱ «ተገኝ» ተብላ ከምትቀር ይሻላል።

ትዕግሥት፦ ለመልእክቱ «ይገኙ» የሚለውን ይዘናል። የቀረን ጀልባው ላይ የሚለጠፈው ሰሌዳ ነው፤ «ተሳፋሪው ላይፍ ጃኬት መልበስ አለበት» ይላል። እዚያ «እርስዎ» አይገባም፣ ምክንያቱም ደንብ ነው።

የሺ፦ «ተሳፋሪዎች ላይፍ ጃኬት መልበስ አለባቸው» ቢባል አይበቃም?

ደሳለኝ፦ እዚህ ላይ የሕግ ሰው አስተያየት ልስጥ። በብዙ ቁጥር ሲጻፍ ግዴታው የቡድኑ እንጂ የእያንዳንዱ አይደለም ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። «እያንዳንዱ ተሳፋሪ» ብንል ደግሞ ወደ ወንዱ ተመለስን፤ «ማንኛውም» ብንልም እንደዚያው ነው። በአንደኛው በኩል ግልጽነት፣ በሌላው በኩል ፆታ ማካተት ይጎድላል።

ሙሉጌታ፦ ሰውየውን ጨርሶ ማንሣት ይቻላል፤ «ያለ ላይፍ ጃኬት መሳፈር ክልክል ነው።» ህም የለበትም፣ ሽም የለበትም፣ አንድም ተሳፋሪ አያመልጥም።

ደሳለኝ፦ አጻጻፉ ያማረ ነው፤ ግን የተከለከለው ማን ነው? ሳይለብስ የተሳፈረው ሰው ነው ወይስ ያሳፈረው ጀልባ ነጂ? አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰሌዳው ግን አይመልሰውም።

ትዕግሥት፦ ነጂዎቹም የጠየቁን ይህንኑ ነው። እነሱ «ተሳፋሪው» የሚለው ቃል እንዲቀር አይፈልጉም።