የመልቀቂያ መቀበያ ደብዳቤ ላይ ተጣበቅኩ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ድሬ ሳቢያን አካባቢ አንድ የግል አስመጪ ጋ አስተዳደር ላይ ነው የምሰራው። ስቶር ኪፐራችን ለ4 አመት ከሰራች በኋላ ጥቅምት 5 መልቀቂያ አስገባች፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያዋ ህዳር 5 ያልቃል፣ እኔ ደግሞ የመቀበያ ደብዳቤውን ልጽፍ ቁጭ ብዬ ሁለት ቀን ሆነኝ።

ምስጋናው አልከበደኝም፣ «ላለፉት 4 አመታት እቃ ሳይጎድል መጋዘኑን በታማኝነት ስለያዙ እናመሰግናለን» ብያለሁ። የከበደኝ ርክክቡ ነው። አለቃዬ «ርክክብ ሲጠናቀቅ መልቀቂያዎ ተቀባይነት ያገኛል» በል አለኝ፣ አቦ ይሄ እኮ ቆጠራው ቢዘገይ ልጅቷን ማሰር ነው! ደሞ ህጉ ማስጠንቀቂያውን ከጨረሰች መሄድ ትችላለች ነው የሚለው፣ የእኛን መቀበል አትጠብቅም።

እኔ እንዲህ አሰብኩ፦ «የመጨረሻ የስራ ቀንዎ ህዳር 5 ነው። ከጥቅምት 25 እስከ ህዳር 1 ተተኪው ባለበት ቆጠራ ተደርጎ ከቢን ካርድ ጋር ይመሳከራል፣ ልዩነት ካለ በቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ቁልፍና ያልተዘጉ ደረሰኞችን በፊርማ ያስረክባሉ።»

ግን ተተኪ እስካሁን አልተቀጠረም። ተረካቢውን በስም ልጻፍ ወይስ «ድርጅቱ የሚመድበው ሰራተኛ» ይበቃል? የጻፈ ሰው ካለ ይንገረኝ፣ ነገ ማስፈረም አለብኝ።