የማይተዋወቁ እንግዶች በሻማ ብርሃን፤ ምን ሙዚቃ ልክፈት?

ጠያቂ፣ ከዚራ
ሰላም ናችሁ? ቅዳሜ ማታ ቤቴ እራት አለ፣ ከኛ ጋር ስምንት ነን። የባለቤቴ ሁለት ባልደረቦች ከነሚስቶቻቸው፣ ደግሞ አዲስ የገቡ ጎረቤቶቻችን ባልና ሚስት። እርስ በርስ አይተዋወቁም። በሻማ ላደርገው ነው። ባለፈው ዘፈን ከፍቼ ሰው ሁሉ ስልኩን ሲነካካ አመሸ። ሳሎኑ አራት በአምስት ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ያለኝ ደግሞ አንዲት ትንሽ ብሉቱዝ ስፒከር። ምን ልክፈት?

የሳቢያን ልጅ
ለስላሳ የእንግሊዝኛ ዘፈን ክፈቺ፣ አለቀ። ግጥሙን ማንም አይከታተልም።

ድምፅ ሠራተኛው
የሳቢያን ልጅ ግማሹን አግኝቶታል። ሰው የሚገባው ቋንቋ ሲዘፈን ጆሮው ሳያስበው ይከተላል፣ ጎኑ ያለው ሰው የሚለው ያመልጠዋል። ግን የባልደረቦቹን እንግሊዝኛ ማን ለካው? ድሬ ውስጥ ደግሞ ማንም የማይሰማው ቋንቋ ፈልጊ ብትባዪ የት ታገኚያለሽ? አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው፣ ሐረሪው፣ ዐረብኛው፣ አንዱን የሚሰማ አይጠፋም። ስለዚህ ድምፃዊ የሌለበት ይሁን።

የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ጥሩ ነው፣ ኢትዮፒክስ 4 የሚባለው አልበም ላይ የተሰበሰበው። ለስለስ ብሎ ከጀርባ ይቀመጣል። ሳክስፎኑ ከፊት ወጥቶ የሚጮህበትን ግን ዝለዪው፣ እሱም እንደ ዘፋኝ ነው የሚናገረው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በአኮርዲዮን የሠራው አልበምም አለ፣ እኔ ከእራት በፊት የምከፍተው እሱን ነው።

ከምርጫው በላይ የሚያበላሸው ግን ድምፁ ነው። ስፒከሯን ጠረጴዛ ላይ እንዳታደርጊያት፣ አጠገቧ የተቀመጠው ሲደነቁር ማዶ ያለው ምንም አይሰማም። ወለል ላይ ጥግ ውስጥም አታስገቢያት፣ ቤዙ ይበረታና የወንዶቹን ድምፅ ይውጠዋል። ከትከሻ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አድርገሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙሪያት። ድምፁ ተበትኖ ይመጣል። ሴራሚክ ስለሆነ ምንጣፍ አንጥፊ፣ መጋረጃውንም ዝጊ፣ አለበለዚያ ማንኪያው ሁሉ ያስተጋባል።

አሁን ሙከራው። አንቺ በጠረጴዛው አንዱ ጫፍ፣ ባለቤትሽ በሌላው ጫፍ ተቀመጡ። በተራ ድምፅ አውሩ። "ምን አልሽ?" ካለ ወይም አንገቱን ካሰገገ በዝቷል። ባዶ ቤት ከሰው ጋር ካለው ይበልጥ ይጮሃል፣ እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ አድርጊና ተዪው። ሰው ሲሞቀው ድምፁን ያነሳል፣ ሙዚቃው የጠፋ ይመስልሻል፣ ትጨምሪያለሽ፣ እነሱም ይጨምራሉ። በግማሽ ሰዓት ሁሉም ይጮሃል። ጭቅጭቅ ሲመስልሽ ዝቅ አድርጊ እንጂ አትጨምሪ።

ሚሚ ድሬ
አቦ እኔ የምጨነቀው ለማራገቢያው ነው! በዚህ ሙቀት ያለሱ አይበላም፣ በሻማው ላይ ስትከፍቺው ደግሞ ሻማው ይጠፋል፣ ሰሙ በጠረጴዛ ልብስ ላይ ይፈሳል። እኔ አንዴ አዲስ ነጭ ልብስ አበላሽቻለሁ፣ እስካሁን ቢጫ ነው። ሻማውን ረጅም ብርጭቆ ውስጥ አድርጊው።

ድምፅ ሠራተኛው
ስለ ሙዚቃ ነበር የተጠየቀው 😄 ግን ሚሚ ጥሩ ነገር አስታወሰችኝ። ማራገቢያው ራሱ ድምፅ አለው። ስትሞክሩ ከፍታችሁት ሞክሩ።

የጀጎል ሰው
እህቴ፣ እኔ አልስማማም። ሐረር ቤታችን እራት ላይ አሊ ቢራን ስንከፍት ነው የማይተዋወቀው ሁሉ አብሮ የሚዘፍነው። ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው ዘፈን ቤትሽ ካልተከፈተ የት ይከፈት? ያ ነው ሰውን ሰው የሚያደርገው።

ድምፅ ሠራተኛው
ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ ግን ያኔ ወሬው ይቆማል። ከእራት በኋላ ቡና ላይ ቢሆን አይሻልም?

የጀጎል ሰው
ቡና ላይማ ዝም ብለህ ታወራለህ እንጂ ዘፈን ምን ያደርጋል።

ጠያቂ፣ ከዚራ
ዛሬ ሞከርነው። ጠረጴዛ ላይ ስትሆን ባለቤቴ ሁለቴ "እ?" አለኝ። መደርደሪያ ላይ ስናዞራት ግን ማራገቢያው ተከፍቶም በደንብ ተሰማማን። አንድ ጥያቄ፦ ከዩቲዩብ ብከፍት ችግር አለው? ደግሞ እህቴ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ ክፈቺ እያለችኝ ነው።

ድምፅ ሠራተኛው
ዩቲዩብ መሃል ላይ ማስታወቂያ ያስገባል፣ ያውም ጮክ ብሎ። ስልኩ ላይ አውርደሽ ያዢ። ከዚያ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ አድርጊና ብሉቱዙን ብቻ መልሰሽ ክፈቺ፣ አለበለዚያ ሰው ሲደውል ጥሪው በስፒከሩ ይጮሃል። መብራት ቢጠፋም ሻማው አለሽ፣ ስፒከሯን ግን ከቀን ጀምረሽ ቻርጅ አድርጊያት።

እማሆይን እኔ በጣም እወዳቸዋለሁ። ግን ፒያኖው ፋታ ይበዛዋል፣ በዚያ ፋታ ወሬው ከቆመ ቤቱ ጭር ይላል።

ሚሚ ድሬ
እኔ ግን እማሆይን ከፍቼ ነው አማቴን የለመድኳት። ይሠራል።