«ረጠበ»፣ «ራሰ»፣ «ውሃ ጠጣ»፦ ትራንስፎርመር ላይ ልዩነት አላቸው?

ፊደል ቆጣሪ፦ ሰላም ለቤቱ። የምሠራው ባሕር ዳር ነው። የሁለት ትራንስፎርመሮችን የፈተና ሪፖርት አስተካክለሽ ጻፊ ተብዬ አንድ ነገር ያዘኝ። ቴክኒሺያኑ ስለ አንዱ «ረጥቧል» ብሏል፤ ስለ ሌላው «ውሃ ጠጥቷል»። ሁለቱንም «እርጥበት አለው» ብዬ ላጠቃልለው ነበር። ግን ሰውዬው ሆን ብሎ የለየው መሰለኝ። «ፖላራይዜሽን ኢንዴክስ» የሚለውንስ በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ?

ሰምና ወርቅ፦ ልጄ፣ በቋንቋው በኩል ልዩነቱ ግልጽ ነው። ጠዋት ሣር ላይ ያለው ጤዛ ነው፤ ሣሩ ረጠበ እንላለን። ጸሐይ ስትወጣ ይሄዳል። ልብስህ ውስጥ ድረስ ከዘለቀ ግን ራሰ ነው። «ዝናብ አበሰበሰኝ» ስንል ደግሞ ከዚያም ያልፋል። በሰበሰ ማለት ራሰም ነው፣ ከርጥበት የተነሳ ፈራረሰም ነው። ስለ ማሽኑ ግን አላውቅም፤ የሚያውቅ ይናገር።

ቀበሌ ዳር፦ እኛ ሰፈር የትራንስፎርመሩን መሬት ሲለኩ 4 ኦም ወጣ፣ ዝቅ ማለቱ ጥሩ ነው አሉን። አፈሩ ርጥብ ስለሆነ ነው አሉ። ታዲያ እርጥበት ምን ክፋት አለው?

ጣና ማዶ፦ ወንድሜ፣ ያ ሌላ ልኬት ነው። አንተ የምትለው የመሬት ሽቦው ነው። እሱ ኤሌክትሪኩን ወደ አፈር በቀላሉ እንዲያፈስ ስለምንፈልግ ዝቅ ሲል ደስ ይለናል። እዚህ የሚለካው ግን የሽቦውን ጥቅል የሸፈነው ወረቀትና ዘይት ነው። እሱ ምንም እንዳያሳልፍ ነው የምንፈልገው፤ ስለዚህ ቁጥሩ በሚሊዮን ኦም ይነበባል፣ ከፍ ሲል ጥሩ ነው። «ሬዚስታንስ» የሚለው ቃል አንድ መሆኑ ነው ያሳሳተህ።

ፊደል፣ እኔ እዚሁ ሐይቁ ዳር ሜገር የሚባለውን የዚህ ሬዚስታንስ መለኪያ ይዤ ስዞር ብዙ ዓመት ሆነኝ። ቴክኒሺያኑ በደንብ ለይቷል። ቁጥሮቹን ብትለጥፊልን?

ፊደል ቆጣሪ፦ እነሆ። ሁለቱም በ2500 ቮልት፣ በ20 ዲግሪ፣ ጠዋት ተለኩ። የመጀመሪያው በ1 ደቂቃ 180 ሜጋ ኦም፣ በ10 ደቂቃ 200። ሁለተኛው በ1 ደቂቃ 95፣ በ10 ደቂቃ 101።

ጥቅል ሠሪ፦ ሁለቱም አልቀዋል። ኢንዴክሱ የ10 ደቂቃው ለ1 ደቂቃው ሲካፈል ነው። የመጀመሪያው 1.11፣ ሁለተኛው 1.06። ከ2 በታች ከሆነ ጥቅሉ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሞተር ስጠቀልል የማውቀው ይሄ ነው።

ጣና ማዶ፦ ስሌትህ ልክ ነው። ግን 2 የምትለው ለሞተርና ለጄኔሬተር የወጣ መለኪያ ነው። ዘይት ውስጥ የተነከረ ትራንስፎርመር ከዚያ ዝቅ ብሎም ደህና ሊሆን ይችላል። ወደ 1 ሲጠጋ ግን አዎ፣ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

አሁን ሪፖርቱን ቀጥይበትና እይ። ቡሺንጉን፣ ሽቦው የሚወጣበትን ሸክላ፣ ከጠረገ በኋላ ደግሞ ለክቶ መሆን አለበት።

ፊደል ቆጣሪ፦ አዎ! «በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ጋርድ ታስሮ» ይላል። የመጀመሪያው 640 እና 1020 ሆነ። ሁለተኛው 98 እና 104።

ጣና ማዶ፦ በቃ፣ መልሱ እሱ ነው። ሐይቁ ዳር ጠዋት ሄደህ ቡሺንጉን በጣትህ ብትነካው ይወዛል። ሸክላው ላይ አቧራ አለ፤ ጤዛው አቧራውን ጭቃ ያደርገውና ለኤሌክትሪክ መንገድ ይሆናል። ያኔ ሜገሩ የሚያነበው ጥቅሉን ብቻ ሳይሆን የላዩን ጭቃም ጭምር ነው። ለዚህ ነው ጠርገን ሸክላው ላይ ባዶ ሽቦ ጠምጥመን ከሜገሩ ጋርድ ጋር የምናያይዘው። በላዩ የሚያፈሰው በዚያ ይሄዳል፣ ንባቡ ውስጥ አይገባም። የመጀመሪያው ከ1.11 ወደ 1.59 ወጣ። ይሄ የረጠበው ነው፤ ጤዛ ነበር።

ሁለተኛው ግን ተጠርጎም ያው 1.06 ነው። ውሃው ከውስጥ ነው፤ ወረቀቱ ጠጥቷል። መተንፈሻው ላይ ያለውን ሲሊካ ጄል ቀለሙን ጽፎ ከሆነ እይ፤ ሰማያዊው ወደ ሮዝ ተቀይሮ ከከረመ፣ ዘይቱ በቀዘቀዘ ቁጥር እርጥብ አየር ሲስብ ቆይቷል ማለት ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ «ጄሉ ሙሉ በሙሉ ሮዝ» ይላል!

ሰምና ወርቅ፦ አንድ ነገር አልገባኝም። ለምን 10 ደቂቃ ይጠበቃል? አንዴ ለክቶ መተው አይቻልም?

ጣና ማዶ፦ ጋሼ፣ ጥሩ ጠየቁ። ደረቅ ወረቀት ቮልት ሲሰጡት ቀስ እያለ ይሞላል። መጀመሪያ ብዙ ይስባል፣ እየቆየ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሬዚስታንሱ እያደገ ይሄዳል። ጥቅሉ ሲጠግብ እንደማለት ነው። ፖላራይዜሽን የሚባለው ይሄ ነው። የራሰ ወረቀት ግን ያፈሳል። ማፍሰሱ ደግሞ በ1 ደቂቃም በ10 ደቂቃም ያው ነው፤ መሙላቱን ይሸፍነዋል። ለዚህ ነው ሁለቱ ቁጥሮች የሚቀራረቡት።

ሌላ ጥቅምም አለው። ነጠላው ንባብ በሙቀት በጣም ይለወጣል፤ በልምድ እንደምንይዘው በየ10 ዲግሪው ግማሽ ይወርዳል። 640 ያነበብነው ትራንስፎርመር በ40 ዲግሪ 160 አካባቢ ሊያሳይ ይችላል፣ ሳይበላሽ። ሁለቱን ስናካፍል ግን ሙቀቱ በአብዛኛው ይጣፋል።

ሰምና ወርቅ፦ እንግዲያ «የመሙላት ምጣኔ» ልበለው? «የጥጋብ ምጣኔ» ብል ደግሞ ጥጋብ በእኛ ዘንድ ክፉ ስም አለው።

ጥቅል ሠሪ፦ ሥራ ቦታ ላይ «ፒ አይ» ነው የሚባለው። ሌላ ብትጽፊ ማንም አይገባውም።

ፊደል ቆጣሪ፦ ሁለቱንም ጎን ለጎን አደርጋለሁ። ሌላ ጥያቄ፦ የጠጣውን ዘይቱን አጣርተን እንመልሰው ብለዋል። ይበቃል?

ጣና ማዶ፦ እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። እኔም አንዴ ተጎድቻለሁ። ዘይቱን ብቻ አጣርተን ለክተን ቁጥሩ ቆንጆ ሆነ፤ ተፈራርመን አስረከብን። ከሳምንታት በኋላ ስንለካ ወርዶ አገኘነው። ምክንያቱ አብዛኛው ውሃ ያለው በዘይቱ ሳይሆን በወረቀቱ ነው። ትራንስፎርመሩ ሲሞቅ ወረቀቱ ውሃውን ወደ ዘይቱ ይለቃል። ከላይ ጸሐይ የመታው እህል ማለት ነው፤ ስትነካው ደርቋል፣ በጥርስ ስትሰብረው ግን ውስጡ ርጥብ ነው። ወረቀቱን ማድረቅ ሙቀትና ቫኪዩም ደጋግሞ ይፈልጋል፣ ጊዜም ይፈልጋል። ካልደረቀ ጋሼ ያሉት ቃል ይመጣል፣ ይበሰብሳል። የራሰ ወረቀት ቶሎ ያረጃል፤ ያረጀ ወረቀት ደግሞ ማድረቅ አያድሰውም።

ጥቅል ሠሪ፦ ግን ዘይት ውስጥ ለተነከረ ትራንስፎርመር ፒ አይ ጭራሽ አያስፈልግም የሚሉም አሉ። ዘይቱ ራሱ ይንቀሳቀሳል፣ ንባቡን ያምሳል ይላሉ።

ጣና ማዶ፦ እውነት አላቸው፤ እኔም ብቻውን አላምነውም። የዘይቱን ውሃ በላቦራቶሪ ሳላስለካ አልፈርድም። ግን እዚህ ሁለተኛው ላይ ፒ አይም፣ ጄሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት። ደግሞ ሁለቱን በአንድ ጠዋት ባይለኩ ኖሮ ይሄን ማየት አይቻልም ነበር።

ቀበሌ ዳር፦ እኛ ሰፈር ያለውም ጄሉ ሮዝ ነው። አሁን አየሁት።

ጣና ማዶ፦ ጄሉ ብቻ ወረቀቱ ራሰ አያሰኝም ወንድሜ፤ ግን ዛሬውኑ ይቀየር። ፎቶ አንስተህ ለሚመለከታቸው ስጥ። ራስህ ክዳኑን እንዳትነካ።

ፊደል ቆጣሪ፦ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «ቁጥር 1፦ ላዩ ረጥቦ ነበር፣ ተጠርጎ ተስተካክሏል። ቁጥር 2፦ ወረቀቱ ውሃ ጠጥቷል፣ ዘይቱ ይመርመር።» እርማት ካላችሁ?

ጣና ማዶ፦ ከሁለቱም ጎን 20 ዲግሪ የሚለውን እንዳትረሺ። በሚቀጥለው ዓመት የሚለካው ሰው ያለ እሱ ማወዳደር አይችልም።