ለጉንፋን የሚመጠጥ ዚንክ፦ የትኛውን ልግዛ? (ጥቆማ)

ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ
እንዴት ናችሁ? ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዬን እየከረከረኝ ነው፣ ማስነጠሱም ጀምሮኛል። ሐሙስ ፈተና አለብኝና ሳይብስብኝ ዚንክ ሎዘንጅ ልጀምር ብዬ ፋርማሲ ብገባ መደርደሪያው ሙሉ ነው። አንዱ ግሉኮኔት ይላል፣ አንዱ አሲቴት፣ ሌላው ከቫይታሚን ሲ ጋር የተቀላቀለ ነው። የትኛው ይሻላል? በቀን ስንት ይወሰዳል? ደግሞስ ብርዱ እስኪያልፍ በየቀኑ አንዳንድ ብመጥ ጉንፋን ይከላከልልኛል?

የዳማከሴ ወዳጅ
እህቴ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለው የሐበሻ ሱቅ ደረቅ ዳማከሴ ያመጣል፣ ዝንጅብሉም ትኩስ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ማር ጨምረሽ አፍልተሽ ጠጪ። ከዚያ ሱቅ ገዝቶ ያልዳነ ሰው አላውቅም። ባለቤቱም ሰው አክባሪ ነው።

አቤል፣ አዲስ አበባ
እዚህ ዚንክ በየፋርማሲው አለ፤ 20 ሚሊግራሟ ኪኒን፣ ውኃ ውስጥ የምትሟሟዋ። ዋጋዋም ቀላል ነው። የሚመጣ ሰው ካለሽ አስልኪና በቀን አራት ጊዜ ውሰጂ፣ ያው ዚንክ ዚንክ ነው።

ፋርማሲ ጠረጴዛ
አቤል፣ ያቺ ኪኒን ተቅማጥ ለያዛቸው ሕፃናት ከኦአርኤስ ጋር የምትሰጥ ናት። ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች ላለ 10 ሚሊግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ለዚያ ሥራ በጣም ጥሩ ናት፣ ለጉንፋን ግን አልተሠራችም። በውኃ ተሟሙታ ስትጠጣ ጉሮሮን አልፋ ሆድ ትገባለች። ሎዘንጁ የሚፈለገው ዚንኩ ቀስ እያለ አፍና ጉሮሮ ላይ እንዲቆይ ነው። የሚዋጥ ካፕሱልም በዚሁ ምክንያት አይተካውም።

ሰላም፣ ወዳንቺ ጥያቄ ልምጣ። ግሉኮኔትም ሆነ አሲቴት ይሠራል። ማየት ያለብሽ ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር የዚንኩ ይሁን የውሁዱ ለዪ። 100 ሚሊግራም ዚንክ ግሉኮኔት ውስጥ ያለው ንጹሕ ዚንክ 14 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ከጀርባ በደቃቁ የተጻፈውን አንብቢ፤ ሲትሪክ አሲድ ካለበት መልሰሽ አስቀምጪው። ሲትሪክ አሲድ ዚንኩን አጥብቆ ስለሚይዘው ጉሮሮሽ ላይ ነጻ ሆኖ አይለቀቅም። ጣዕሙ የሚጣፍጥልሽ እሱ ነው፣ ጥቅሙ የሚያንሰውም እሱ ነው።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ለምሳሌ ኮልድ-ኢዝ የሚባለው እያንዳንዱ 13.3 ሚሊግራም ዚንክ አለው። ጠዋት 1 ሰዓት ከጀመርሽ በየሦስት ሰዓቱ 4፣ 7፣ 10፣ ማታ 1 እና 4 ሰዓት ላይ አንዳንድ ስትወስጂ ስድስት ይሆናል፣ ድምሩ 80 ሚሊግራም ገደማ። ጥናቶቹ ውጤት ያዩት በዚህ መጠንና ከዚያ በላይ ነው፤ በቀን ሁለት ብቻ መምጠጥ ብዙ ተስፋ የለውም። አትንከሺው፣ አትቆርጥሚው፤ ምላስሽና ጉንጭሽ መካከል አድርገሽ በራሱ እስኪያልቅ ተዪው። ባዶ ሆድ ላይ ያቅለሸልሻል፣ ስለዚህ ቁራሽ ዳቦ ቅመሺ። ምልክቱ ከጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ አንቺ ዛሬ ጠዋት ስላልሽ ገና ጊዜ አለሽ። ሲሻልሽ አቁሚ። ከአምስት ቀን አካባቢ በላይ አታስረዝሚው።

በየቀኑ ለመከላከል የሚለውን ተዪው። ጥቅሙ አልታየም፣ ጉዳቱ ግን አለ።

የወሎ ልጅ
እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። አባቴ ከኮቪድ ጊዜ ጀምሮ «በሽታ ይከላከላል» ተብሎ 50 ሚሊግራም ዚንክ በየቀኑ ሁለት ዓመት ዋጠ። መጀመሪያ እግሩ ጫፍ ደነዘዘ፣ ከዚያ በጨለማ ሲሄድ ግድግዳ መያዝ ጀመረ። ደም ማነስ ተገኘበት፣ ነጭ ደም ሴሉም ወርዶ ነበር። የሄድንበት ክሊኒክ ቢ12 ነው ብሎ ወራት መርፌ ሰጠው፣ ለውጥ የለም። ኮፐር የሚባለው ማዕድን የተለካው ሌላ ሐኪም ጋ ሄደን ነው፣ ምንም የለውም ማለት ይቻላል፤ ዚንኩ ነው ያሟጠጠው። ዚንክ የምትባል ነገር ቤታችሁ አታስገቡ!

ሜሮን
የአባትህን ይማርልን። ግን መፍትሔው እኮ ቀላል ነው፤ ኮፐር አብሮ ያለበትን ዚንክ መግዛት ነው። እኔ የምገዛበት የቫይታሚን ሱቅ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ይሸጣል። እዚያ ከገዛችሁ ሙሉ ዓመት ብትወስዱ ችግር የለም።

ፋርማሲ ጠረጴዛ
ሜሮን፣ ግማሹ ልክ ነው። የዓይን ማኩላ ለሚያስቸግራቸው ሽማግሌዎች የሚታዘዘው ቀመር 80 ሚሊግራም ዚንክ አለውና ለዚሁ ሲባል 2 ሚሊግራም ኮፐር ተጨምሮበታል። ግን ኮፐር አለበት ማለት እንደ ልብ ይወሰዳል ማለት አይደለም።

ዚንክ ኮፐርን የሚያሟጥጥበት ምክንያት አንጀት ውስጥ ነው። ዚንክ ሲበዛ የአንጀት ግድግዳ ሴሎች ብረታ ብረት የሚይዝ ፕሮቲን በብዛት ያመርታሉ። ያ ፕሮቲን ደግሞ ከዚንክ ይልቅ ኮፐርን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ሴሉ ከጥቂት ቀን በኋላ ሲረግፍ ኮፐሩን እንደያዘ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ስለዚህ ዚንኩ ካልቆመ የምትጨምሪው ኮፐርም በዚያው መንገድ ሊሄድ ይችላል።

ለአዋቂ የተቀመጠው የረጅም ጊዜ ጣሪያ አሜሪካ ውስጥ በቀን 40 ሚሊግራም ነው፣ ምግቡም ተጨምሮ። አውሮፓ 25 ይላል። 50 ሚሊግራም ተጨማሪ ዚንክ ለ10 ሳምንት የወሰዱ ሴቶች ላይ ኮፐር የሚያስፈልገው ኤንዛይም ሥራው ቀንሶ ተገኝቷል። ያ የታየው በደም ምርመራ ነው፣ እግር መደንዘዝ ገና ሳይመጣ።

የወሎ ልጅ፣ አባትህ ሌላ ምን ይወስዱ ነበር?

የወሎ ልጅ
መልቲቫይታሚን፣ 15 ሚሊግራም ዚንክ ያለበት። ሐኪሙ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲላቸው «የለም» ነው ያሉት። ቫይታሚኑን መድኃኒት ነው ብለው አልቆጠሩትም። እኔም አልቆጠርኩትም።

ፋርማሲ ጠረጴዛ
ይኸው፣ ከምግቡ ውጪ 65 ሚሊግራም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ቢ12 ሲጎድልና ኮፐር ሲጎድል አካሄድ ላይ የሚታየው በጣም ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ነጭ ደም ሴል አብሮ ከወረደ ግን ኮፐር ይጠረጠር። የሚታዘዘው የደም ምርመራ ኮፐር፣ ሴሩሎፕላዝሚንና ዚንክ ነው፣ ሦስቱ አንድ ላይ። ዚንኩ ከቆመና ኮፐር ከተሰጠ የደሙ ነገር በሳምንታትና በወራት ይስተካከላል። ነርቩ ግን ይዘገያል፣ ሙሉ በሙሉ የማይመለስበትም ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ክሊኒክ የዘገየው ያሳዝናል። አሁን የሚወስዱትን ጠርሙስ ሁሉ በከረጢት ይዘህ ሐኪሙ ፊት አስቀምጠው።

ጨው በረንዳ
ልጅቷ ጉሮሮዬን ከረከረኝ ብላ ሎዘንጅ ጠየቀች፣ እናንተ እግሯን አደነዘዛችኋት። በርቱ።

ፋርማሲ ጠረጴዛ
እውነት ነው፣ ልለየው። በቀን 80 ሚሊግራም ለአምስት ቀን እና 65 ሚሊግራም ለሁለት ዓመት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው አፍ መምረርና ማቅለሽለሽ ያመጣ ይሆናል፣ የኮፐር ክምችትን በአምስት ቀን አያሟጥጥም። ችግሩ የሚመጣው ከጉንፋኑ በኋላ ጠረጴዛ ላይ የቀረው ፓኬት እንደ ከረሜላ ሲበላ ነው።

ላብ ሰው
ተስፋውንም አታግንኑት። 2020 ላይ የወጣ ጥናት አለ፤ የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች ጉንፋን ሲይዛቸው ዚንክ አሲቴት ሎዘንጅ በቀን 78 ሚሊግራም ለአምስት ቀን ወስደው ጉንፋኑ አላጠረላቸውም። እንዲያውም ሎዘንጁ ካለቀ በኋላ የዚንኮቹ ቡድን አዘግሞ ነው የዳነ። 2024 የወጣው፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነው የኮክሬን ግምገማ ደግሞ ወደ ሁለት ቀን ሊያሳጥር ይችላል ይላል፣ ግን ማስረጃው ደካማ ነው ብሎ። ለመከላከል ጥቅሙ ትንሽ ወይም ምንም ነው። እኔ በዚህ ማስረጃ አልገዛም።

ፋርማሲ ጠረጴዛ
አልቃወምህም። እኔ ለአምስት ቀን መሞከሩ አይጎዳም ብዬ ነው፣ አንተ ደግሞ አይጠቅምም ብለህ ነው። ሁለታችንም በየቀኑ አይወሰድ እንላለን።

እሙዬ
ለስድስት ዓመት ልጄስ ግማሹን ልስጣት?

ፋርማሲ ጠረጴዛ
አትስጪያት። በዚያ ዕድሜ የቀን ጣሪያው 12 ሚሊግራም ነው፣ አንዱ ሎዘንጅ ብቻውን ያልፈዋል። ደግሞም ጉሮሮ ላይ ሊቀረቀር ይችላል። ሳሉ ካስቸገራት ማታ አንድ ማንኪያ ማር ይበቃታል። አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ዚንክ ካገኘሽም ለማንም አትስጪ፤ ማሽተት ያሳጣል ተብሎ 2009 ላይ ኤፍዲኤ ያስጠነቀቀበት ነው።

የዳማከሴ ወዳጅ
አያችሁ፣ መጨረሻው ማር ሆነ። ማሩም እዚያው ሱቅ አለ፣ የትግራይ ነጭ ማር።

ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ
አመሰግናለሁ ሁላችሁም። አሁን ሁለት ፓኬት ይዤ ቆሜአለሁ። አንዱ የሎሚ ጣዕም ነው፣ ሲትሪክ አሲድ ይላል። ሌላው «ዚንከም ግሉኮኒከም 2ኤክስ» ይላል፣ ይሄ ምንድነው? ደግሞ ለፊቴ ዶክሲሳይክሊን እየወሰድኩ ነው፣ ችግር አለው?

ፋርማሲ ጠረጴዛ
2ኤክስ የሆሚዮፓቲ አጻጻፍ ነው፣ ሁለት ጊዜ በአሥር እጥፍ ቀጥኗል ማለት ነው፤ ከጎኑ ሚሊግራም ከተጻፈበት እሱን ተከተዪ። ዶክሲው ግን ጉዳይ ነው። ዚንክ አንጀት ውስጥ ስለሚይዘው በሚገባ አይመጠጥም። ዶክሲውን ከሎዘንጁ ሁለት ሰዓት በፊት ወይም አራት ሰዓት ያህል በኋላ መዋጥ አለብሽ። በየሦስት ሰዓቱ እየመጠጥሽ ይህ ክፍተት አይገኝም፣ የግድ አንድ ሁለት ሎዘንጅ መዝለል አለብሽ። ጠዋት ስትነሺ መጀመሪያ ዶክሲውን፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን ሎዘንጅ። ማታ ደግሞ የመጨረሻውን ሎዘንጅ 12 ሰዓት ላይ አድርጊና ዶክሲውን 4 ሰዓት ላይ። በቀን አንዴ ብቻ የምትወስጂው ከሆነ የጠዋቱ ይበቃል፣ ማታው ይቀርልሻል።

ሜሮን
እኔ የምለው ሱቅ ቅዳሜ ቅናሽ አለው ሰላም፣ እስከዚያ ብትጠብቂ ይሻልሽ ነበር።

ፋርማሲ ጠረጴዛ
ቅዳሜ ድረስ 24 ሰዓቱ ያልፋል።

የወሎ ልጅ
አንድ ነገር ልጠይቅ። አባቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ አላቸው፣ የጥርሱ ማጣበቂያ ክሬምም ዚንክ አለው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

ፋርማሲ ጠረጴዛ
እውነት ነው። በቀን ብዙ ክሬም የሚቀቡ ሰዎች ላይ እንደ አባትህ ያለ የኮፐር ጉድለት ታይቷል። ከአምራቾቹ አንዱ፣ ግላክሶስሚዝክላይን፣ በዚህ ምክንያት 2010 ላይ ዚንኩን ከክሬሙ አውጥቷል። ቱቦውን ገልብጠህ ዝርዝሩን አንብብ፣ ዚንክ የሚል ቃል ካለ ዚንክ የሌለበትን ቀይርላቸው። ቱቦ በስንት ቀን እንደሚያልቅባቸውም ንገረኝ፣ አንድ ቱቦ ለሳምንታት መቆየት ነበረበት።